ጫናው የት ነው? የእንግሊዝኛ ቃልና የእኛ ጆሮ



እኛ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን የምህንድስና ተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን ያደግነው በሁለት ትምህርት ቤት መካከል ነው። ጎህ ሲቀድ ቁርኣን ቤት፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት። በአንደኛው ቃዒዳ በድምፅ እናነባለን፤ በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እንገለብጣለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ሆነ። ነገር ግን ያ እንግሊዝኛ በዓይን የምናነበው እንጂ በጆሮ የምንሰማው አልነበረም። ከእኛ በፊት የነበሩት ታላላቆቻችን በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣውን የሳተላይት ትምህርት፣ «ፕላዝማ» የምንለውን፣ አግኝተዋል። እነሱም ስለሱ ሲያወሩ ከትምህርቱ ይልቅ የሚያስታውሱት የመምህሩን አነጋገር ፍጥነት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን በአንድ ክፍለ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። አንድ እንግዳ መሐንዲስ ስለ ሁለት ማቴሪያሎች ጥንካሬ እያስረዱን ሳለ አንዲት ቃል ደጋግመው ይጠሩ ነበር። «'ኮምፕረብል» የምትል ነበረች። ከኋላ ወንበር ያለነው ተያየን፤ ቃሏን የሚያውቃት አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ሰሌዳው ላይ ሲጽፏት ግን ሁላችንም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምናውቃት፣ «ኮምፓራብል» እያልን የኖርንባት ቃል ሆና ተገኘች። ከመሐላችን ፈገግ ያለም የተናደደም ነበር። የስማዳው ወንድማችን ግን ዝም አለ። እሱ ከአንድ ሴሚስተር በፊት ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቅ ከተሳቀበት ወዲህ እጁን አያወጣም። የተሳቀበት በሰዋስው አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነበር። የሳቁበት «ዲተርማይን» በማለቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ በአንዲት ቃል አጠራር ምክንያት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም ሲል ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለን ምክንያቱን መፈለግ ጀመርን።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጻጻፋችን አንድ ነገር እንበል። ቃሉ ውስጥ ትንሽ ጭረት ( ' ) ስታዩ፣ ከጭረቷ ቀጥሎ ያለው ክፍል ጫና አለበት ማለት ነው። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ በአጠራር ምልክቱ ውስጥ ከፍ ብላ የምትቆም ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት አለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን መዝገበ ቃላት ለዓመታት ስንገልጥ ዓይናችን ላይ ነበረች፤ ምን እንደሆነች ግን የነገረን አልነበረም። በእንግሊዝኛ ክፍል «ስትረስ» የሚሉት ነው፤ እኛ «ጫና» እንለዋለን። ቃሉ የሚከፋፈልበትን፣ በግጥም ትምህርት «ቀለም» የምንለውን፣ እዚህም ቀለም ብለነዋል። ጫና ያለበትን «ብርቱ ቀለም»፣ የሌለበትን «ደካማ ቀለም» እንበለው።

የመጀመሪያው ያገኘነው ነገር ጫና ማለት መጮህ አለመሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንዱን ቀለም ሲጫን ድምፁን ከፍ ማድረጉ የጉዳዩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብርቱው ቀለም ይረዝማል፤ ዜማውም ይነሳል፤ አናባቢውም ጥርት ብሎ ይሰማል። ይበልጥ ወሳኙ ግን በሌሎቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ደካሞቹ ቀለማት ያጥራሉ፣ አናባቢያቸውም ይደበዝዛል፤ «ኦ» ይሁን «አ» ይሁን «ኤ» መለየት እስኪያቅት ድረስ ወደ አንድ ግራጫ ድምፅ ይቀየራል። «ኮምፓራብል» ላይ የሆነው ይህ ነው። ጫናው «ኮም» ላይ ሲያርፍ «ፓ» ጠፍቶ «ፕ» ብቻ ቀረ፣ «ራ» ወደ «ረ» ወረደ። አራት ቀለም ብለን የምንቆጥረው ቃል በእሳቸው አፍ ሦስት ሆነ። እኛ የምንጠብቀው «ፓራ» ስለነበር ቃሉ በአጠገባችን ሲያልፍ አላወቅነውም።

እንግሊዝኛ አድማጭ ቃላትን የሚለየውም በዚሁ ብርቱ ቀለም ነው። አን ከትለር የተባሉት የቋንቋና የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ እንግሊዝኛ ሰሚ በተከታታይ ንግግር ውስጥ ብርቱ ቀለም ሲሰማ «እዚህ አዲስ ቃል ሳይጀምር አይቀርም» ብሎ እንደሚገምት አሳይተዋል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጀምሩት በብርቱ ቀለም ነው። እንግዲህ ጫናውን ያለ ቦታው ስናስቀምጥ የአንድ ቃል አጠራር ከማበላሸት ያለፈ ነገር እናደርጋለን፤ ሰሚው ቃሉን የሚቆርጥበትን ቦታ እናዛባበታለን። እያንዳንዱን ፊደል በትክክል ጠርተንለት ሳለ «ይቅርታ፣ ምን አልክ?» የሚለን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ ውስጥ ጫና የለም ማለት አይቻልም፤ ግን ደካማ ነው፤ በቃሉ ላይም ተቀራራቢ ሆኖ ይሰራጫል። የቃል ትርጉም ለመለየትም አንጠቀምበትም። በምትኩ የምንጠቀመው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፣ «ፊ» ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ጆሯችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲለማመድ የኖረው ተነባቢው ምን ያህል እንደተያዘ መስማትን ነው። የትኛው ቀለም ከሌላው በልጦ እንደተነሳ ለመስማት ግን ተገዶ አያውቅም።

ቁርኣን ቤትም የጨመረልን በዚሁ አቅጣጫ ነው። ዐረብኛም ያጠብቃል፤ ለዚያ ምልክትም አለው፣ ሸዳ። ደረሰ «ተማረ» ሲሆን ሸዳ ሲገባበት «አስተማረ» ይሆናል። በዚያ ላይ መድ አለ። ሁለት ሐረካ፣ አራት ሐረካ፣ ስድስት ሐረካ እያልን በጣታችን ስንቆጥር አድገናል፤ የአናባቢን ርዝመት በመለካት ከእኛ የሚበልጥ የክፍል ጓደኛ የለንም። ጫናን በተመለከተ ግን ኡስታዞቻችን ብዙ የነገሩን የለም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም። በዐረብኛ ጫናው የሚከተለው የቀለሙን ክብደት ስለሆነ ነው። ኪታብ ላይ «ታ» መድ ስላለው ጫናው ራሱ እዚያ ይሄዳል። ሙስሊም ላይ ጫናው «ሙስ» ላይ ነው፤ ሙስሊሙን ሲባል መጨረሻው ስለረዘመ ጫናው ወደዚያ ይሸሻል። መዱንና ሸዳውን በትክክል ያነበበ ሰው ጫናውን ሳያስበው አብሮ ያገኘዋል።

እንግሊዝኛ ይህን ውለታ አይውልልንም። ጫናው በጽሑፉ ላይ አይታይም፤ ሁልጊዜም የቀለሙን ርዝመት አይከተልም፤ አንዳንዴ ትርጉም ይቀይራል። የካሴት ቅጂ ወይም መዝገብ ስም ሲሆን «'ሬኮርድ» ነው፣ መቅዳት ወይም መመዝገብ ግሥ ሲሆን «ሪ'ኮርድ» ነው። የተማሪው የመመረቂያ ሥራ «'ፕሮጀክት» ነው፣ ብርሃን ግድግዳ ላይ መጣል ግን «ፕረ'ጄክት» ነው። (ሁሉም እንዲህ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ «ሪ'ፖርት» እና «ከን'ትሮል» ስምም ሆኑ ግሥ ቦታቸውን አይለቁም።)

እዚህ ላይ የቸገረን ሦስት ልማድ ነው።

አንደኛው ከፊደላችን የመጣ ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። እንግሊዝኛውንም በዚያው ዓይን እናነበዋለን። ካ-ፓ-ሲ-ተር ስንል አራቱም እኩል ይሰለፋሉ፤ የሚበልጥም የሚያንስም የለም። የላቲኑ ፊደል «ኦ» ካለ «ኦ» እንላለን፣ «አይ» ካለ «ኢ» ወይም «አይ» እንላለን። «ዲተርማይን» የተወለደው ከዚህ ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን «አይ» ፊደል ስሙ እንደሚጠራው ስናነበው፣ ቃሉ «ድ'ተርምን» መሆኑ ይቀርና ያልተጫነው ክፍል ከተጫነው በልጦ ይወጣል።

ሁለተኛው ልማድ ቃሉን ከእንግሊዝኛ በፊት በአማርኛ ስለምናውቀው የሚመጣ ነው። «ኮሚቴ» ወደ አማርኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ መጨረሻው «ቴ» ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ክ'ሚቲ» ነው፤ «ሚ» ላይ ይጫናል፣ መጀመሪያው ተውጦ ይቀራል። «ማኪና»፣ «ፍሬን»፣ «ፖስታ» የጣሊያንኛ ናቸው። እነዚህ ቃላት በአማርኛ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ አማርኛ ሆነዋልና። ችግር የሚመጣው በእንግሊዝኛ ንግግር መሐል «ኤሌክትሪክ» ብለን ሁሉንም አናባቢ ጥርት አድርገን ስናወጣ ነው።

ሦስተኛው ልማድ የማጥበቅ ልማዳችን ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ተከታትለው ስናይ ሸዳ ያየን ይመስለናል፤ እናጠብቃለን። የ«ኮሚቴ» እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለት «ኤም» እና ሁለት «ቲ» አለው፤ በአፍ ግን አንዱም አይጠብቅም። በእንግሊዝኛ በአንድ ነጠላ ቃል ውስጥ የተደገመ ፊደል የሚነግረን ብዙውን ጊዜ ስለ ፊተኛው አናባቢ ነው፤ ተነባቢውን ያዙ አይልም። እኛ ስንይዘው ከፊቱ ያለው ቀለም ይከብዳል፤ እንግሊዝኛ ሰሚም ያንን ክብደት ጫና ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ አድርገን ጫና ለማድረግ ሳናስብ ጫና እናስቀምጣለን።

ግን በዚህ ሁሉ መሐል ያስደሰተን ግኝት አለ። ያ እንግሊዝኛ ደካማ ቀለም ላይ የሚጠቀምበት ደብዛዛ ድምፅ ለብዙ ሕዝብ አስቸጋሪ ነው፤ ለእኛ ግን በየቀኑ አፋችን ውስጥ ያለ ነው። ሳድሳችን ለሱ በጣም ቅርብ ነው፤ ግዕዛችንም ከዚያ አይርቅም። «ክ»፣ «ም»፣ «ረ»፣ «ተ» እያልን የምንውለው ያንን ነው። እንግዲህ የሚጎድለን ድምፁ አይደለም፤ የት እንደምናስቀምጠው ነው። ከመሐላችን የእስቴዋ እህታችን ይህን በአንድ አባባል አሳጠረችው፦ «ጫና ያለበትን በራብዕ ወይም በሃምስ በሉት፣ ሌላውን ሳድስ አድርጉት» አለችን። እንደ ሕግ ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ደካማ ቀለም ሁሉ አይደበዝዝም፤ እንደ መጀመሪያ ልምምድ ግን ከሰማነው ሁሉ የሠራልን ይህ ነው።

አሁን አንድ ቤተሰብ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎቹ የመረጡት የራሳቸውን ቃል ነው። መነሻው «ኢ'ሌክትርክ» ነው፤ ጫናው ሁለተኛው ቀለም ላይ ነው። በላዩ ላይ ሲቀጠል ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ኃይሉን ስንጠራ «ኢሌክ'ትሪስቲ» ይሆናል፤ ጫናው አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ፣ «ክ» የነበረው ድምፅም ወደ «ስ» ተቀየረ። ገመድ የሚዘረጋው ባለሙያ «ኢሌክ'ትሪሽን» ነው፤ እዚህ ደግሞ «ሽ» ሆነ። የአቶሙ ቅንጣት «ኢ'ሌክትሮን» ነው፣ ወደ መነሻው ቦታ ተመለሰ። ከሱ የሚወጣው ቅጽል ግን «ኢሌክ'ትሮንክ» ነው። እኛ አምስቱንም «ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪሲቲ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ኤሌክትሮን፣ ኤሌክትሮኒክ» ብለን በአንድ ዜማ እንደረድራቸዋለን። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ አለው።

ይህ መንቀሳቀስ በዘፈቀደ አይደለም። ከቃሉ መጨረሻ የሚቀጠሉ አንዳንድ ቅጥያዎች ጫናውን ወደራሳቸው ይጎትታሉ፤ ከቅጥያው በፊት ባለው ቀለም ላይ ያሳርፉታል። «-ኢክ»፣ «-ኢቲ»፣ «-ሽን»፣ «-ሎጂ» ከነዚህ ናቸው። ስለዚህ «ክ'ፓስቲ» እንጂ «ካፓሲ'ቲ» አይባልም፤ «ቴክ'ኖለጂ» ይባላል፤ «ኢከ'ኖምክ» ይባላል። ሌሎች ቅጥያዎች ደግሞ ቃሉን አይነኩም። «-መንት»፣ «-ኢንግ»፣ «-ነስ» ሲቀጠሉ ጫናው የነበረበት ይቀራል። «ድ'ቬለፕ» ሆኖ የነበረው «ድ'ቬለፕመንት» ይሆናል፤ መሣሪያው «እ'ክዊፕመንት» ነው። አንድ ሌላ ቅጥያ ደግሞ ጫናውን ራሱ ይሸከማል፤ የእኛው ሙያ መጠሪያ «ኤንጅ'ኒር» ስለሆነ በግቢው ውስጥ ስለ እኛ ሲወራ የሚሳሳቱትን ማረም እንችላለን።

ከመጨረሻ ወደ ኋላ መቁጠር ለቁርኣን ቤት ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ዐረብኛውም ጫናውን የሚፈልገው ከቃሉ መጨረሻ ተነሥቶ ነው። ልዩነቱ ዐረብኛ ክብደት ሲመዝን እንግሊዝኛ ቅጥያ ይጠይቃል።

ሕጉ የሚሰበርበት ቦታ ስላለ አንዱን እንንገራችሁ፤ ከእኛ ጋር ዝምድና ያለው ስለሆነ። በ«-ኢክ» ሕግ መሠረት የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ «አም'ሃርክ» ነው፤ ሕጉን ጠብቋል። የእስልምና ቅጽሉም «ኢዝ'ላምክ» ነው፤ ጠብቋል። የዐረብኛ ስም ግን ሕጉን ጥሶ «'አረብክ» ነው፤ ጫናው መጀመሪያ ላይ ነው። ከእነዚህ ሦስት ቃላት ሁለቱ ታዛዥ አንዱ አመፀኛ መሆናቸውን ስናይ ሳቅን። «እ'ሪዝመትክ» የምንለው የሒሳብ ክፍልም እንዲሁ አመፀኛ ነው።

ለምህንድስና ተማሪ በእርግጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን የመለኪያዎች ነገር ነው። ወርክሾፕ ውስጥ የብረት ውፍረት የምንለካበት፣ እጀታውን እያዞርን የምናጠብቀው መሣሪያ «ማይ'ክሮምተር» ነው፤ ጫናው «ክሮ» ላይ ነው። የርዝመት አሃዱ ግን «'ማይክሮሚተር» ነው፤ ጫናው መጀመሪያ ላይ ነው። ተራው መሣሪያ 0.01 ሚሊሜትር ድረስ ያነባል፤ አሃዱ ደግሞ 0.001 ሚሊሜትር ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ በንግግር የሚለያቸው ጫናው ብቻ ነው። ሌሎቹም በዚሁ ይሄዳሉ። ሙቀት መለኪያው «ተር'ሞምተር»፣ ዙሪያው «ፕ'ሪምተር»፣ የክብ ስፋቱ «ዳይ'አምተር»፣ «ፕ'ራምተር»ም አለ፤ ሁሉም ከ«ምተር» በፊት ያለውን ቀለም ይጫናሉ። አሃዶቹ ደግሞ «'ሴንቲሚተር»፣ «'ሚሊሚተር» እያሉ መጀመሪያውን ይጫናሉ። ሁለት ቃል ተገጣጥሞ የሆነው «'ቮልትሚተር» እንደ አሃዶቹ ፊቱን ይጫናል።

ሐሙስ ማታ ስንገናኝ የምናደርገው ቀላል ነው። አንድ ሰው ከትምህርቱ አንድ ቃል ያመጣል፤ ለምሳሌ «ካፓሲተር»። መጀመሪያ ማንም አይጠራውም። ቀለሙን እንቆጥራለን፣ አራት። ቀጥሎ ጭረቷን መዝገበ ቃላት ላይ እናያለን፤ ከሁለተኛው በፊት ናት። ከዚያ ቃሉን ትተን ቅርጹን ብቻ በ«ደ» እና በ«ዳ» እንላለን፦ ደ-ዳ-ደ-ደ። ብርቱው በራብዕ፣ ደካሞቹ በግዕዝ። ቅርጹ አፋችን ላይ ሲገባ ብቻ ቃሉን እናለብሰዋለን፦ «ክ'ፓስተር»። «ደ-ዳ-ደ-ደ» ማለት የሚችል ሰው ቃሉን ሲጠራ ወደ «ዳ-ዳ-ዳ-ዳ» ከተመለሰ፣ ችግሩ የፊደሉ ምስል እንደሆነ እናውቃለን፤ ወረቀቱን ገልብጠን እንደገና እንጀምራለን።

ቀጥሎ በስልክ መቅዳት ነው። ሲያዳምጡት መጠየቅ ያለበት «ከፍ አድርጌ ተጫንኩ ወይ?» የሚለው አይደለም፤ ብዙዎቻችን ብርቱውን በመጮህ እናወጣና ደካሞቹን እንደነበሩ እንተዋቸዋለን። የሚጠየቀው ደካሞቹ በእርግጥ አጥረዋል ወይ የሚለው ነው። ቅጂው ውስጥ ሁለተኛው «ፓ» ከፊተኛው «ክ» ግልጽ በሆነ ሁኔታ ካልረዘመ ጮኸናል እንጂ አልተጫንም። መድ በጣት ቆጥሮ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ይሰማዋል፤ ከሌሎች ጓደኞቻችን ጋር ስንለማመድ ያየነው ነው። በመጨረሻ ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል፤ ለብቻው ሲጠራ ልክ የነበረ ቃል ንግግር ሲፈጥን ወደ ድሮ ቅርጹ የሚመለሰው እዚያ ነውና።

ይህ ሁሉ ልፋት ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሞገተን አልጠፋም፤ ክርክሩም የምሁራን ድጋፍ አለው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባሉት የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛን እንደ መግባቢያ ለሚጠቀሙ የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች የቃል ጫና ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ነገሮች ውስጥ መሆን የለበትም ብለዋል፤ በትምህርትም እምብዛም አይለመድም ባይ ናቸው። ከኬንያ ወይም ከህንድ መሐንዲስ ጋር ስንነጋገር እርግጥም «ዲተርማይን» ብንልም ሊገባቸው ይችላል። የእኛ ችግር ግን በመናገር ብቻ አያበቃም። የምንማርባቸው የቪዲዮ ትምህርቶችና የሚጎበኙን መሐንዲሶች የሚናገሩት ደካማውን ቀለም እየዋጡ ነው። ለመናገር ባይሆን ለመስማት ስንል መልመድ አለብን፤ የጋይንቱ ጓደኛችን ይህን ከተቀበለ በኋላ ነው ክርክሩን የተወው።

የስማዳው ወንድማችን በሐሙሱ ስብሰባ የመዝገበ ቃላቱ ኃላፊ ሆኗል። ጭረቷ የት እንዳለች የሚፈርደው እሱ ነው፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም፣ ከሁለት ቃላት በቀር። አንዱ የቤተ ሙከራ ስም ነው። በብሪታንያ መዝገበ ቃላት «ለ'ቦረትሪ» ሲሆን በአሜሪካው «'ላብረቶሪ» ነው፤ ጫናውም የተዋጠው ቀለምም ይለያያል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለተኛው ኪሎሜትር ነው። እንደ አሃድ «'ኪለሚተር» ነው የሚሉ አሉ፣ እንደ መለኪያ መሣሪያ «ክ'ሎምተር» የሚሉም አሉ፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ጽፏቸዋል። ከነፋስ መውጫ እስከ ደብረ ታቦር ስንት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ታዲያ ግማሾቻችን አንዱን፣ ግማሾቻችን ሌላውን እንላለን።